ለአዲስ ደንበኛ የመደብነው በጀት ነባር ደንበኞች ላይ እያለቀ ነው፣ እንዴት ላስወጣቸው?

ውሃ_ልክ
ሰላም ለሁላችሁም። የውሃ ማጣሪያ ኦንላይን የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ማስታወቂያውን የምሰራው እኔ ነኝ። የምንሸጠው ሁለት ነገር ነው፣ ማሽኑና ውስጡ የሚገባው ካርትሪጅ፣ ካርትሪጁ በየ6 ወሩ ይቀየራል። ሜታ ላይ "አዲስ ደንበኛ" ብለን የከፈትነው ካምፔይን አለ፣ በወር 6000 ዶላር እናወጣበታለን፣ ባለፈው ወር 400 ሽያጭ አምጥቻለሁ ብሎ ሪፖርት አደረገ። አንዱ ሽያጭ 15 ዶላር ወጣበት ማለት ነው፣ አለቃዬም በዚህ ቁጥር በጣም ደስተኛ ነው።

ግን ሰሞኑን ዕቃ የሚያሽገው ልጅ መጥቶ "እነዚህ በማስታወቂያ መጡ የምትሏቸው እኮ ብዙዎቹ ካርትሪጅ ብቻ ነው የሚያዙት" አለኝ። ማሽኑ ቤቱ የሌለው ሰው ካርትሪጅ ምን ያደርግለታል? ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የኛው ደንበኞች ከሆኑ፣ በኢሜይል አስታውሰናቸው ያለ ማስታወቂያ ወጪ ሊገዙ የነበሩ ሰዎችን ነው በ15 ዶላር መልሰን የገዛናቸው። እንዴት አድርጌ ነው የማስወጣቸው? ደግሞ በትክክል ስንት እንደሆኑስ በምን አውቃለሁ?

ፈጣን_ጣት
ይሄ እኮ የሁለት ደቂቃ ስራ ነው ወንድሜ። ሳይታችሁ ላይ ገዢውን ለሜታ ከሚያሳውቀው ኮድ፣ ከፒክስሉ፣ `Purchase` ያደረጉ ሰዎችን ኦዲየንስ ስራ፣ ቀኑን የመጨረሻውን 180 አድርገው፣ ከዛ አድ ሴቱ ውስጥ ገብተህ `Exclude` በለው። አለቀ። እኔ ሁሉም አካውንት ላይ መጀመሪያ የማደርገው ይሄንን ነው።

ሰንጠረዥ
ፈጣን_ጣት ያለው ትክክል ነው፣ ግን ውሃ_ልክ እሱን ብቻ አድርጎ ቢሄድ ችግሩ አይፈታም፣ እንዲያውም ሊደበቅበት ይችላል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከፒክስል የሚሰራ ኦዲየንስ ሰውን የሚያስታውሰው ቢበዛ 180 ቀን ነው። ካርትሪጁ መቼ ነው የሚቀየረው? በ6 ወር። እስቲ አንድ ሰው እንከተል፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ማሽን ገዛ፣ 180 ቀን ሙሉ ማስታወቂያውን አያይም፣ ጁላይ ሲገባ ከኦዲየንሱ ይወጣል፣ ልክ በዛው ሳምንት ካርትሪጁ ያልቃል። ሲስተሙ ደግሞ ሊገዛ የተዘጋጀ ሰው ማነው ብሎ ሲፈልግ ከሁሉም ቀድሞ የሚያገኘው ይሄንን ሰው ነው፣ ሳይታችሁ ላይ ተመላልሷል፣ ኢሜይላችሁን ከፍቷል። ማስታወቂያ ያሳየዋል፣ ሰውየው እንደተለመደው ይገዛል፣ ካምፔይኑም "እኔ ነኝ ያመጣሁት" ይላል። በእናንተ ዕቃ ላይ የ180 ቀኑ አጥር የሚከፈተው በጣም በማይፈለግበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ፒክስሉ ሁሉንም ገዢ አያይም። ስልኩ ላይ ትራኪንግ የከለከለ አለ፣ በስልክ ደውሎ ያዘዘ አለ፣ ፒክስሉ ከመገጠሙ በፊት የገዛ አለ። ስለዚህ ሁለት ነገር አብራችሁ አስወጡ። አንደኛ የፒክስሉን 180 ቀን፣ ይሄ ትናንትና ዛሬ የገዛውን ወዲያው ይይዛል። ሁለተኛ ከራሳችሁ ዳታቤዝ የወጣ የሁሉም ጊዜ ደንበኞች ሊስት፣ እሱ በ180 ቀን አይጠፋም። ሊስቱን በወር አንዴ ብቻ ብታድሱት እንኳ መሀል ላይ የገዛውን ፒክስሉ ይሸፍንላችኋል።

እናት_ሱቅ
ይቅርታ ግን እኔ አልገባኝም። የገዛችሁን ሰው ለምን ታባርራላችሁ? የኔ ሱቅ የቆመው ተመላልሰው በሚገዙ ሰዎች ነው። ለነሱ ማስታወቂያ ባላሳያቸው ይረሱኛል። አዲስ ሰው ማምጣት ከባድ ነው፣ ያለውን መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ውሃ_ልክ
እህቴ አላባርራቸውም፣ እንዲያውም በየ6 ወሩ ኢሜይልና ቴክስት እንልክላቸዋለን፣ የራሳቸው ትንሽ በጀት ያለው ካምፔይንም አለ። የኔ ጥያቄ "አዲስ ደንበኛ" ተብሎ ከተመደበው ብር እንዲወጡ ነው። አሁን ሁለቱ ተቀላቅለው አዲስ ሰው ስንት እንደሚያስወጣን እንኳ አናውቅም።

እናት_ሱቅ
እሺ እንደሱ ከሆነ ገባኝ። እኔ ሁሉንም በአንድ ካምፔይን ነው የማሰራው፣ ለካ ለዚህ ነው ከፋፍዬ የማላውቀው።

ሰንጠረዥ
ስንት እንደሆኑ ለማወቅ የሜታን ሪፖርት አትጠብቅ፣ የራስህን ኦርደር ቁጠር። ኦርደሩ ከየትኛው ካምፔይን እንደመጣ በ`utm_campaign` እየተመዘገበ ከሆነ ይሄ ይበቃሃል፦

```sql
SELECT utm_campaign,
       COUNT(*) AS orders,
       SUM(CASE WHEN order_date > first_order
           THEN 1 ELSE 0 END) AS returning_orders
FROM (
  SELECT o.*,
         MIN(order_date) OVER (PARTITION BY email) AS first_order
  FROM orders o
) t
WHERE order_date >= '2025-05-01'
  AND order_date <  '2025-06-01'
GROUP BY utm_campaign;
```

እያንዳንዱን ኦርደር ከዛው ኢሜይል የመጀመሪያ ኦርደር ጋር ያወዳድረዋል፣ ቀኑ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ከሆነ ሰውየው ነባር ነው።

ውሃ_ልክ
ሮጥኩት ግን ነባር 3 ሰው ብቻ ነው ያወጣልኝ። ከ310 ኦርደር 3። የማሸጊያው ልጅ ተሳስቶ ይሆን?

ሰንጠረዥ
የቀኑን ማጣሪያ የት ጋር ነው ያስገባኸው? ከውስጠኛው ቅንፍ ውስጥ ከሆነ ዳታቤዙ የሚያየው የዛን ወር ኦርደር ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሁሉም ሰው "የመጀመሪያ" ኦርደር እዛው ወር ውስጥ ይሆንና ሁሉም አዲስ ይመስላል። 3ቱ በአንድ ወር ሁለቴ የገዙ ይሆናሉ። የመጀመሪያውን ቀን ከጠቅላላ ታሪኩ አውጣው፣ ወሩን ውጭ ላይ አጣራ።

ውሃ_ልክ
ልክ ነህ ውስጥ ነበር ያስገባሁት። አሁን ከ310 ውስጥ 124 ነባር አለኝ። 40 በመቶ!! ልጁ እውነቱን ነው።

ግን ሜታ 400 ነው የሚለው፣ የኔ 310 ነው፣ የትኛውን ልውሰድ?

ሰንጠረዥ
ሜታ ክሊክ ሳያደርግ ማስታወቂያውን አይቶ ብቻ በማግስቱ የገዛውንም ይቆጥራል፣ ባንተ ኦርደር ላይ ደግሞ ሊንኩን ነክቶ የገባው ብቻ ነው የሚመዘገበው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይሆኑም፣ እኩል ለማድረግም አትድከም። 40 በመቶውን ውሰድና 400 ላይ አስላው፣ ወደ 160 ነባር፣ 240 አዲስ። 6000 ለ240 ሲካፈል አንድ አዲስ ደንበኛ 25 ዶላር ነው ያስወጣችሁ፣ 15 አይደለም። ይሄም ግምት ነው፣ እንደኔ እምነት አይተው ብቻ ከተቆጠሩት ውስጥ የነባሩ ድርሻ ከዚህም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ለመግዛት አስቀድሞ የወሰነ ሰው ማስታወቂያ መንካት አያስፈልገውም፣ በቀጥታ ሳይቱን ከፍቶ ይገባል።

ሌሊት_ሰራ
እኔ ግን ከዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። የቋንቋ ኮርስ ነው የምንሸጠው፣ ያሰራነው ኤጀንሲ "አዲስ ሰው ብቻ" ብሎ የ180 ቀን የሳይት ጎብኚዎችን በሙሉ አስወጣልን። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንድ ተማሪ ወጪ እጥፍ ሆነ። ማስወጣት የሚባለውን ነገር ከዛ ወዲህ አልነካውም።

ሰንጠረዥ
ያንተ ችግር ማስወጣቱ ሳይሆን ማን እንደወጣ ነው። ኮርስ የሚገዛ ሰው ዛሬ አይቶ ዛሬ አይከፍልም፣ ሁለት ሶስት ጊዜ ተመልሶ ዋጋውን አይቶ፣ ሰው አማክሮ ነው። ጎብኚውን በሙሉ ስታስወጣ ማስታወቂያው ሰውየውን አንዴ ያመጣዋል፣ ከዛ ሊወስን ሲል በሩን ይዘጋበታል። ያልከፈለ ሰው ገና ያንተ አይደለም። መውጣት ያለበት የከፈለው ነው። የነፃ ሙከራ የጀመሩትን ደግሞ፣ ካምፔይኑ የሚሸጠው ሙከራውን ከሆነ አስወጣቸው፣ ክፍያውን ከሆነ ተዋቸው።

ሌሊት_ሰራ
ኤጀንሲው እንደዚህ አስረድቶኝ አያውቅም። የነፃ ትምህርት የጀመሩት አሉን፣ እነሱን ከመጀመሪያው ካምፔይን አስወጥቼ ለብቻ አያቸዋለሁ።

ፈጣን_ጣት
አንድ ጥያቄ አለኝ። ገዢዎቹን ካስወጣን ሲስተሙ ከማን ይማራል? ገዢ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ከነሱ አይደል እንዴ?

ሰንጠረዥ
ማስወጣት ማስታወቂያው ለማን እንዳይታይ ነው የሚከለክለው። ግዢያቸው በፒክስሉ መላኩን አያቆምም፣ የአዳዲሶቹ ግዢ ደግሞ ሁሌም ይላካል። ግን ጥያቄህ ውስጥ እውነት አለ፣ ካምፔይኑ የሚያመጣው ሽያጭ ቁጥር ይቀንሳል፣ አንድ አድ ሴት በሳምንት ወደ 50 ሽያጭ ካላገኘ ቶሎ አይረጋጋም። ውሃ_ልክ በወር 400 ነበረው፣ ወደ 250 ቢወርድም በአንድ አድ ሴት እስከሰበሰበው ድረስ ይበቃዋል። በአምስት አድ ሴት በትኖት ከሆነ ግን አሁኑኑ ያዋህደው።

ውሃ_ልክ
ሁለት ነበሩ፣ አዋህጃቸዋለሁ። ሊስቱንም ዛሬ አፕሎድ አደረግኩ። ከ11 ሺህ ደንበኛ ወደ 4 ሺህ ብቻ ነው ያወቀው። ይሄ ኖርማል ነው?

ሰንጠረዥ
ሁሉንም አያውቅም፣ ግን 4 ሺህ አነሰ። ፋይሉን ከፍተህ የስልክ ቁጥሩን ኮለም እየው፣ ምን ይመስላል?

ውሃ_ልክ
ወይ ጉድ። ግማሹ `9.71E+11` ሆኗል።

ሰንጠረዥ
እሱ ነው። ኤክሴል ረጅሙን ቁጥር አሳጥሮ ሲያሳይ በCSV ሴቭ ስታደርገው ያንኑ አሳጥሮ ነው የሚፅፈው፣ የቀሩት አሃዞች ይጠፋሉ፣ ከዛ በኋላ ያ ቁጥር የማንም ስልክ አይደለም። ኤክሴሉን አትጠግነው፣ ከዳታቤዙ በቀጥታ እንደገና አውጣና ኤክሴል ሳይከፍተው አፕሎድ አድርግ። መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ አንሳና የአገር ኮድ አስገባ፣ ለሜታ አሃዝ ብቻ፣ ለጉግል ደግሞ ከፊቱ `+` ይኑረው። ኢሜይሉን በትንንሽ ፊደል አድርገህ ከፊትና ከኋላ የተንጠለጠለውን ባዶ ቦታ አጥፋ። ስምና አገርም ካለህ ጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሱቅ ላይ የስራ ኢሜይሉን ሰጥቶ ሶሻል ሚዲያ ላይ በሌላ ኢሜይል ነው ያለው፣ እሱን የሚያገናኘው ስልኩ ነው።

ውሃ_ልክ
አሁን 7 ሺህ ደረሰ። እናንተ ባትኖሩ ያንን ፋይል ለአመት ነበር የማሰራው።

ፍለጋ_ብቻ
ጉግል ላይ ለምትሰሩም ልጨምር፣ እዛ የደንበኛ ሊስት ድሮ ጊዜ ገደብ አልነበረውም፣ ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ ግን ቢበዛ 540 ቀን ነው። አንዴ አፕሎድ አድርጎ የረሳ ሰው ሊስቱ እየተሸራረፈ ያልቅበታል፣ ማንም አይነግረውም፣ ነባሮቹ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። እኔ የመጀመሪያውን ሰኞ በየወሩ ካላንደሬ ላይ አስሬዋለሁ።

ሌላው ደግሞ `Only bid for new customers` የሚል ምርጫ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ነባር ማን እንደሆነ የሚያውቀው እናንተ በሰጣችሁት ሊስትና ሳይታችሁ ላይ ባለው ታግ ልክ ብቻ ነው። ሊስቱ ደካማ ከሆነ "አዲስ" ብሎ የሚቆጥረው ውስጥ ነባር ይኖራል። ከዚህ በላይ ደግሞ የብራንዳችሁን ስም ሰርች አድርጎ የሚገባውን እዩ። የሱቁን ስም ፅፎ የሚፈልግ ሰው አብዛኛው ሊገባ የመጣ ነባር ደንበኛ ነው። ጉግል ራሱ በሁሉም ቦታው የሚያሰራጨው ፐርፎርማንስ ማክስ የሚባል ካምፔይን ካላችሁ የራሳችሁን ብራንድ ከሱ አውጡት፣ እኔ አካውንት ላይ ከሊስቱ ይልቅ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው።

ጥንቁቅ
የሰውን ኢሜይልና ስልክ ለማስታወቂያ ድርጅት መስጠቱ ግን ማንንም አላሳሰበም? ደንበኞቹ ተስማምተዋል?

ፍለጋ_ብቻ
ሲላክ በSHA-256 ሀሽ ሆኖ፣ ማለትም ወደማይነበብ ኮድ ተቀይሮ ነው የሚላከው፣ ኢሜይሉ እንዳለ አይታይም።

ጥንቁቅ
እሱ መንገድ ላይ እንዳይነበብ ነው እንጂ ከማን ጋር እንደሚገናኝ እኮ ያውቃሉ፣ ካላወቁማ እንዴት አድርገው ያስወጡታል? ያልተስማማ ደንበኛ ካለ የሱ መላክ የለበትም።

ሰንጠረዥ
ጥንቁቅ ትክክል ነው፣ ሀሽ ማድረግ ፈቃድን አይተካም። ፈቃድ ያልሰጠና ዳታዬን አጥፉ ያለ ሰው ከሊስቱ ይወጣል። ችግሩ ያ ሰው ከሊስቱ ሲወጣ ማስታወቂያው ተመልሶ ያገኘዋል፣ አትከተሉኝ ያለው ሰው በማስታወቂያ መከተል ይጀምራል። ለዚህ እኔ ጥሩ መልስ አግኝቼ አላውቅም። ፒክስሉ ካየው በዛ ለ180 ቀን ይያዛል፣ ከዛ በኋላ ግን ክፍት ነው።

ውሃ_ልክ (ከ5 ሳምንት በኋላ)
ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ሙሉ አንድ ወር፣ ያው 6000 ዶላር። ሜታ 312 ሽያጭ ነው የሚለው፣ አንዱ ወደ 19 ዶላር ወጣበት። አለቃዬ ቁጥሩን ሲያይ "ምን ነካህ፣ 15 የነበረውን 19 አደረግከው" ብሎ ማስወጣቱን እንዳነሳ ነገረኝ። በጣም ነው የደነገጥኩት። ከዛ ያንን ኩዌሪ እንደገና ሮጥኩት፣ ከ250 ኦርደር 34 ነባር፣ ወደ 14 በመቶ። ስለዚህ ከ312 ውስጥ ወደ 42 ነባር፣ 270 አዲስ። በፊት አዲስ ሰው 25 ዶላር ነበር፣ አሁን 22 ከትንሽ። ሁለቱን ወር ጎን ለጎን በወረቀት ፅፌ አሳየሁት።

እሱ ግን የጠየቀው ሌላ ነገር ነው፣ "ማስታወቂያ ያቋረጥንባቸው ነባሮች መግዛት አቁመው ከሆነስ?" አለኝ። የካርትሪጅ ኦርደር በጠቅላላ ከየትም ይምጣ ከየት ቆጠርኩ፣ በፊት 610፣ አሁን 598። ማስታወቂያውን ባያዩም በኢሜይሉና በቀጥታ ገብተው ገዝተዋል። ይሄን ሲያይ ነው የተረጋጋው።

ሰንጠረዥ
ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀህ፣ ሰላም በልልኝ። 610ና 598ቱ ከሁሉም ቁጥር ይበልጣሉ። ነባሮቹ በአንድ ጊዜ ወደ 450 ወርደው ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያው በእውነት እያስታወሳቸው ነበር ማለት ነው፣ ያኔ ለነሱ የተለየውን በጀት ታሳድገዋለህ።

ፍለጋ_ብቻ
እኔ እንኳን ደስ አለህ ከማለቴ በፊት፣ አንድ ወር ከአንድ ወር ጋር ማወዳደር አደገኛ ነው። ወሩ ራሱ የተለየ ቢሆንስ? ከ6 ወር በፊት ማሽን የገዛው ብዙ ከነበረ በዚህ ወር ካርትሪጅ የሚያዘውም ብዙ ይሆናል፣ ስለዚህ የካርትሪጁ 598 መቆየት ራሱ የዛ ውጤት ሊሆን ይችላል። ከ25 ወደ 22 ደግሞ ትልቅ ልዩነት አይደለም። ነባሮቹን በአጋጣሚ ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ብቻ ብታስወጣ ነበር በእርግጠኝነት የምታውቀው።

ውሃ_ልክ
እውነት ነው፣ ሁለት ወር ልጨምርበት ነው ያሰብኩት። ግማሹን የማስወጣቱን ነገርም ሊስቱን በደንበኛ ቁጥር ሙሉና ጎዶሎ ብሎ መክፈል ይቻላል አይደል? ግን ያኔ የፒክስሉን 180 ቀን ማንሳት አለብኝ፣ ካልሆነ ሁለቱንም ግማሽ ያስወጣብኛል።

ሰንጠረዥ
አዎ ይቻላል፣ ፒክስሉንም ለዛ ወር ታነሳዋለህ። አፕሎድ ካደረግክ በኋላ ሊስቱ እስኪሞላ አንድ ሁለት ቀን ጠብቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አትቁጠር።

ውሃ_ልክ
አንድ የከበደኝ ነገር ቀርቷል። ከ3 አመት በፊት ማሽን ገዝተው ካርትሪጅ አንዴም ያላዘዙ ወደ 900 ሰዎች አሉ። ማሽኑን ጥለውት ይሆናል፣ ከሌላ ድርጅት ካርትሪጅ እየገዙ ይሆናል። እነሱ አሁን ያስወጣኋቸው ውስጥ ናቸው። ነባር ናቸው ወይስ አዲስ?

እናት_ሱቅ
እኔ ብሆን እንደ አዲስ ነው የማያቸው፣ 3 አመት ያልመጣ ሰው ደንበኛዬ ነው አልልም።

ሰንጠረዥ
እኔ አሁንም ከአዲስ ደንበኛው ካምፔይን አስወጣቸዋለሁ፣ ግን ለብቻቸው ሊስት አድርጌ። የማሽኑን ጥቅም የሚያስረዳ ማስታወቂያ ለነሱ አይሆንም፣ ማሽኑን ያውቁታል። ለምን እንደተዉት ሳታውቅ ገንዘብ አታፍስባቸው። ከ900ው 20 ለሚሆኑት ደውለህ ብትጠይቃቸው?

ውሃ_ልክ
ነገ ከማሸጊያው ልጅ ጋር ሆነን እንጀምራለን።